ከ Z_6 ወደ S_4 ስንት ሆሞሞርፊዝም አለ? በጂሲዲ 6 ይወጣል፣ የመልስ ወረቀቱ 18 ይላል

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)፣ ማታ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት ቲቶሪያል አለን፣ እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክያለሁ። ጥያቄው «ከ Z_6 ወደ S_4 ስንት የግሩፕ ሆሞሞርፊዝም አለ?» ይላል። ክፍል ውስጥ ከ Z_n ወደ Z_m የሚሄዱት ብዛታቸው gcd(n, m) ነው ተብለናል። S_4 ያሉት ኤለመንቶች 24 ስለሆኑ gcd(6, 24) = 6 ብዬ ጻፍኩ። ከሲኒየሮች የወረደው የመልስ ወረቀት ግን 18 ይላል፣ ስሌት የሚባል ነገር የለውም። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው ወይስ እኔ?

ቦርከና፣ ማታ 1:34

ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። Z_6 የሚመነጨው ከ 1 ነው፣ የ 1 ኦርደር ደግሞ 6 ነው። ስለዚህ 1ን ኦርደሩ 6 ወደሆነ ኤለመንት መላክ አለብሽ። S_4 ውስጥ ኦርደሩ 6 የሆነ ፐርሙቴሽን የለም፣ ያሉት ኦርደሮች 1፣ 2፣ 3 እና 4 ብቻ ናቸው። እንግዲህ የሚቀረው ሁሉንም ወደ አይደንቲቲ የሚልከው ብቻ ነው። መልሱ 1።

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 2:05

ቦርከና፣ ግማሹን መንገድ በትክክል ሄደሃል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው 1 የት ትሄዳለች የሚለው ላይ ነው፤ S_4 ውስጥ ኦርደሩ 6 የሆነ የለም ያልከውም እውነት ነው። የሳትከው «ኦርደሩ 6 መሆን አለበት» ስትል ነው። ኦርደሩ 6ን ማካፈል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ኦርደሩ በትክክል 6 እንዲሆን የምንፈልገው ኢንጀክቲቭ የሆኑትን ብቻ ስንቆጥር ነው፣ እነሱ እዚህ በእርግጥ ዜሮ ናቸው። ደግሞም በራስህ መስፈርት ሁሉን ወደ አይደንቲቲ የሚልከውም አያልፍም ነበር፣ የአይደንቲቲ ኦርደር 1 ነውና።

ሰኞ_ገበያ፣ አብሽሪ፣ ወረቀቱ ልክ ነው። አንዴ በእጅሽ ሥሪው።

f(1) = g በይ። f ሆሞሞርፊዝም ከሆነ f(2) = g^2፣ f(3) = g^3 እያለ ይቀጥላል። 1 የት እንደሄደች ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ታወቀ ማለት ነው። ግን Z_6 ውስጥ 6 እና 0 አንድ ናቸው፣ ስለዚህ f(6) እና f(0) አንድ መሆን አለባቸው፤ g^6 = e መሆን አለበት። ሌላ መስፈርት የለም። ይህን የሚያሟላ g ካገኘሽ f(k) = g^k ብለሽ ያለ ችግር ትሄጃለሽ።

የማይሆነውን ለማየት g = (1 2 3 4) ብለሽ ሞክሪ። አራት ጊዜ ሲደጋገም አይደንቲቲ ይሆናል፣ ስለዚህ g^6 ማለት g^2 ማለት ነው፣ እሱም (1 3)(2 4) ነው። በዚህ መንገድ f(6) = (1 3)(2 4) ሲሆን f(0) = e ይሆናል። ያው አንዱ ቁጥር ሁለት ቦታ ሄደ፤ f ፈንክሽን እንኳ አልሆነም፣ ሆሞሞርፊዝምነቱ ይቅር።

ስለዚህ ጥያቄው «S_4 ውስጥ g^6 = e የሚሆኑ g ስንት ናቸው?» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ኦርደራቸው 1፣ 2፣ 3 ወይም 6 የሆኑትን ትቆጥሪያለሽ። አይደንቲቲ 1፣ ኦርደራቸው 2 የሆኑ 9፣ ኦርደራቸው 3 የሆኑ 8፣ ኦርደራቸው 6 የሆኑ 0። ድምሩ 18።

ሰኞ_ገበያ፣ ማታ 2:19

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እድሜ ይስጥዎ። ሁለት ነገር ብቻ። 9ኙ ከየት መጡ? እኔ ኦርደራቸው 2 የሆኑትን ስቆጥር 6 ብቻ አገኛለሁ። ሁለተኛ፣ ታዲያ ያ የጂሲዲ ቀመር ውሸት ነው?

ሐይቅ_ዳር፣ ማታ 2:41

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው እሱ ነው።

ያገኘሻቸው 6 ሁለት ቁጥር ብቻ የሚያለዋውጡት ናቸው፦ (1 2)፣ (1 3)፣ (1 4)፣ (2 3)፣ (2 4)፣ (3 4)። ከአራት ሁለት መምረጥ ስለሆነ 6። የተረሱት ደግሞ በአንዴ ሁለት ጥንድ የሚያለዋውጡት ናቸው፦ (1 2)(3 4)፣ (1 3)(2 4)፣ (1 4)(2 3)። እነዚህም ሁለት ጊዜ ሲደረጉ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ኦርደራቸው 2 ነው። 6 + 3 = 9።

ኦርደራቸው 3 የሆኑት ባለ ሦስት ዙሮቹ ናቸው። ከአራቱ ቁጥሮች የማይንቀሳቀሰውን በ 4 መንገድ ትመርጫለሽ፣ የቀሩት ሦስቱ በ 2 አቅጣጫ ይዞራሉ፣ 4 × 2 = 8። ባለ አራት ዙሮቹ 6 ናቸው። ሁሉንም ደምሪያቸው፦ 1 + 6 + 3 + 8 + 6 = 24። ይህ ድምር 24 ሳይሆን ወደ ሆሞሞርፊዝሙ ቆጠራ አትግቢ። የተረሳ ካለ እዚያው ላይ ይያዛል።

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 2:58

ስለ ጂሲዲው፦ ቀመሩ ልክ ነው፣ ግን መድረሻው ሳይክሊክ ሲሆን ነው። ከ Z_6 ወደ Z_24 ብትባይ 6 ትክክል ነበር፤ 1 ወደ 0፣ 4፣ 8፣ 12፣ 16 ወይም 20 ትሄዳለች። Z_24ም S_4ም 24 ኤለመንት አላቸው፣ አንዱ 6 ይሰጣል፣ ሌላው 18። እንግዲህ የመድረሻው ብዛት ብቻውን መልሱን አይወስንም፤ ውስጡ መታየት አለበት።

ሳይክሊክ ላይ ለምን ሠራ ካልሽ፣ Z_24 ውስጥ ኦርደራቸው 2 የሆኑ ኤለመንቶች ከአንድ ሊበልጡ አይችሉም። ለእያንዳንዱ የ 24 አካፋይ ያለው ሰብግሩፕ አንድ ብቻ ነውና። እሱ 12 ነው፣ አለቀ። S_4 ውስጥ ግን እንዲህ ያሉት ዘጠኝ ናቸው፣ ቆጠራው የሚያብጠውም ለዚህ ነው።

መድረሻው አቤሊያን ሆኖም ቀመሩ ሊስት ይችላል፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ከ Z_2 ወደ Z_2 × Z_2 ቁጠሪ። gcd(2, 4) = 2 ይልሻል፣ ትክክለኛው ግን 4 ነው፤ አራቱም ኤለመንቶች እጥፍ ሲደረጉ ዜሮ ይሆናሉ። «አቤሊያን ከሆነ ጂሲዲ» የሚል ማስታወሻ ከያዛችሁ ሰርዙት፣ «ሳይክሊክ ከሆነ» ነው የሚባለው።

ወልድያ04፣ ማታ 3:10

ይቅርታ ግን እኔ 2 ነው የማገኘው። የS_4 ከርነል ኖርማል ሰብግሩፕ መሆን አለበት፣ ኖርማሎቹ ደግሞ አራት ናቸው፦ አይደንቲቲው ብቻ፣ ባለ አራቱ የክላይን ግሩፕ፣ A_4 እና ራሱ S_4። Z_6 አቤሊያን ስለሆነ ከርነሉ A_4ን መያዝ አለበት። ስለዚህ ወይ ሁሉም ወደ 0 ይሄዳል፣ ወይ ጎዶሎዎቹ ፐርሙቴሽኖች ወደ 3 ይሄዳሉ። 18 ከየት መጣ?

ሐይቅ_ዳር፣ ማታ 3:16

ወንድሜ፣ ሥራህ እንከን የለውም፣ ግን አቅጣጫውን ገልብጠኸዋል። አንተ የቆጠርከው ከ S_4 ወደ Z_6 የሚሄዱትን ነው፣ እነሱ በእርግጥ 2 ናቸው። ጥያቄው ከ Z_6 ወደ S_4 ነው። ከ Z_6 ሲነሳ ከርነሉ የ Z_6 ሰብግሩፕ ነው የሚሆነው፣ የ S_4 አይደለም።

ወልድያ04፣ ማታ 3:18

አሃ! ገባኝ። ቸኩዬ ነው፣ አፉ በሉኝ።

ኮምቦልቻ_ላብ፣ ማታ 3:37

እኔ ደግሞ ክርክሩን ላቋርጥ ብዬ GAP ላይ አስሮጥኩት፣ 4 አለኝ! 18ም 6ም 1ም 2ም አይደለም። ይኸው፦

```
gap> Length(AllHomomorphismClasses(CyclicGroup(6), SymmetricGroup(4)));
4
```

ሶፍትዌሩ ተሳስቷል አልልም፣ ግን አንድ ሰው ያስረዳኝ።

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 3:52

አልተሳሳተም፣ የጠየቅከውን ነው የመለሰልህ። የትእዛዙ መጨረሻ Classes ይላል። በ S_4 ውስጥ በኮንጁጌሽን አንዱ ወደ ሌላው የሚቀየሩትን ሆሞሞርፊዝሞች እንደ አንድ ቆጥሮ ከየወገኑ አንድ ተወካይ ይሰጥሃል። 1ን ወደ (1 2) የሚልከውና ወደ (3 4) የሚልከው ለእሱ አንድ ናቸው። አራቱ ወገኖች እነማን እንደሆኑ ማየት ቀላል ነው፦ አይደንቲቲ፣ ነጠላ ልውውጥ፣ ጥንድ ልውውጥ፣ ባለ ሦስት ዙር። ብዛታቸው በቅደም ተከተል 1፣ 6፣ 3፣ 8 ነው፤ ሲደመሩ ያው 18።

በቀጥታ ለመቁጠር ይህ ይበቃሃል፦

```
gap> G := SymmetricGroup(4);;
gap> Number(G, g -> g^6 = One(G));
18
```

ይህኛው ኤለመንቶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ለ S_4 ችግር የለውም፣ ለ S_12 ግን ከ479 ሚሊዮን በላይ ፐርሙቴሽን ስላለ ኮምፒውተርህን አታድክመው። ለትልቅ ግሩፕ የኮንጁጌሲ ክፍሎቹን ብቻ ወስደህ፣ የሚያሟሉትን መርጠህ፣ መጠናቸውን ደምር፦

```
gap> cl := Filtered(ConjugacyClasses(G), c -> Representative(c)^6 = One(G));;
gap> Sum(cl, Size);
18
```

ኮምቦልቻ_ላብ፣ ማታ 4:01

እሰይ፣ ሁለቱም 18 ሰጡኝ። ዲሃይድራሉንም ላይ ላዩን ሞከርኩት። ከ Z_2 ወደ D_4 ስንት ነው? መጽሐፌ 6 ይላል፣ DihedralGroup(4) ብዬ ግን 4 ወጣልኝ። መቼም ዛሬ 4 ጠላቴ ናት።

ሐይቅ_ዳር፣ ማታ 4:09

ይህ የስም ጣጣ ነው። GAP ላይ በቅንፍ የምትጽፈው የግሩፑን ኦርደር ነው፣ DihedralGroup(4) ያልከው ባለ 4 ኤለመንቱን ነው፣ እሱ ከ Z_2 × Z_2 ጋር አንድ ነው። መጽሐፍህ D_4 የሚለው የካሬን ሲሜትሪ ይመስለኛል፣ ባለ 8 ነው። DihedralGroup(8) በል። በእጅ ስትቆጥረው ደግሞ አይደንቲቲ 1፣ የ180 ዲግሪ ዙር 1፣ ነጸብራቆቹ 4፣ ድምር 6። አንዳንድ መጽሐፍ ይህንኑ ግሩፕ D_8 ይለዋል፣ ስለዚህ ጥያቄ ላይ D አጠገብ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የማጣራው ባለ ስንት ኤለመንት እንደሆነ ነው።

ከ Z_2 ወደ Q_8 ቢሆን ኖሮ 2 ብቻ ነው፤ ኳተርኒዮኖቹ ውስጥ ስኩዌሩ 1 የሚሆነው 1 እና −1 ብቻ ናቸው። ሁለቱም ባለ 8፣ ሁለቱም አቤሊያን ያልሆኑ፣ አንዱ 6 አንዱ 2።

ሰኞ_ገበያ፣ ማታ 4:20

በጣም ገብቶኛል፣ ተባረኩ። መልሴን ሳስረክብ ልክ መሆኑን የማውቅበት መንገድ አለ? ነገ GAP አይፈቀድልንም።

ሐይቅ_ዳር፣ ማታ 4:33

አለ። ፍሮቤኒየስ በ1895 ያረጋገጠው ቲዮረም አለ፦ n የግሩፑን ኦርደር የሚያካፍል ከሆነ g^n = e የሚሆኑት ብዛት ሁልጊዜ ለ n ይካፈላል። እዚህ 6 ለ 24 አካፋይ ነው፣ 18ም ለ 6 ይካፈላል። ሦስቱን ጥንድ ልውውጦች ረስተሽ ቢሆን 1 + 6 + 8 = 15 ይወጣ ነበር፣ ለ 6 አይካፈልም፣ ወዲያው ትነቂያለሽ። አይደንቲቲን ብትረሺ 17፣ ያም ይያዛል።

n አካፋይ ካልሆነ መጀመሪያ ወደ ጂሲዲ ዝቅ አድርጊው። ከ Z_10 ወደ S_4 ብትባይ gcd(10, 24) = 2 ነው። የ g ኦርደር ምንጊዜም 24ን ስለሚያካፍል g^10 = e እና g^2 = e አንድ ትርጉም አላቸው፣ መልሱ 1 + 9 = 10። ከ Z_7 ቢሆን ጂሲዲው 1 ነው፣ ያለው አንዱ ሆሞሞርፊዝም ሁሉን ወደ አይደንቲቲ የሚልከው ነው፣ ቆጠራም አያስፈልግ።

ቦርከና፣ ማታ 4:40

ይህ ማጣሪያ ግን መተማመኛ አይደለም። የመጀመሪያዋ የእሷ መልስ 6 ነበር፣ 6ም ለ 6 ይካፈላል!

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 4:51

ጎበዝ፣ ያልከው ነጥብ ትልቅ ነው። ማጣሪያው ስህተትን ይይዛል እንጂ ትክክልን አያረጋግጥም። ሌላም አለ፦ ስድስቱን ነጠላ ልውውጦች የረሳ ሰው 1 + 3 + 8 = 12 ያገኛል፣ ያም ለ 6 ይካፈላል። ባጋጣሚ 12 ከ Z_6 ወደ A_4 የሚሄዱት ብዛት ነው፣ እና S_4ን እያሰበ A_4ን የቆጠረ ተማሪ በዚህ ወንፊት ሹልክ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሐይቅ_ዳር ቀደም ሲል ያለው የ24ቱ ድምር ይቀድማል፣ ይህ ሁለተኛ ነው።

ወልድያ04፣ ማታ 4:58

የፍሮቤኒየስ ነገር ለምን እውነት ሆነ? አጭር ማረጋገጫ ያለው ሰው ካለ...

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 5:14

n ፕራይም ሲሆን የሚያምር አለ፣ ማኬይ በ1959 ያወጣው። p ፕራይም ይሁን፣ የግሩፑን ኦርደርም ያካፍል። ውጤታቸው e የሚሆን p ኤለመንቶችን በተራ ደርድር፣ (g_1, g_2, …, g_p)። የመጀመሪያዎቹን p − 1 እንደፈለግህ ትመርጣለህ፣ የመጨረሻው በነሱ ይወሰናል፣ ስለዚህ ድርድሮቹ |G|^(p−1) ናቸው፣ ይህ ቁጥር ለ p ይካፈላል። አሁን የፊተኛውን እያነሳህ ወደ ኋላ ውሰደው፤ ውጤቱ e እንደሆነ ይቆያል። p ፕራይም ስለሆነ እያንዳንዱ ድርድር ወይ ከራሱ ጋር p የተለያዩ ሆነው ይቧደናሉ፣ ወይ ጭራሽ አይለወጥም። የማይለወጡት ሁሉም ቦታ ላይ አንድ g ያለባቸው ናቸው፣ እነሱም g^p = e የሚሆኑት ናቸው። ቡድኖቹ ባለ p ስለሆኑ የማይለወጡት ብዛትም ለ p መካፈል አለበት።

ወልድያ04፣ ማታ 5:25

ለ 6ም በዚሁ ልሂድ? ስድስት ደርድሬ ላዙራቸው?

ጋሽ_ዜሮ፣ ማታ 5:31

እዚያ ላይ ይሰበራል። በ 6 ስታዞር ባለ 2 እና ባለ 3 ቡድኖችም ይመጣሉ፣ ለምሳሌ (a, b, a, b, a, b) ሁለት ጊዜ ስትዞር ራሷን ታገኛለች። ስለዚህ ከድምሩ ተነስተህ የማይለወጡት ለ 6 ይካፈላሉ ማለት አትችልም።

ቦርከና፣ ማታ 5:38

ለ 2 እና ለ 3 ለየብቻ አረጋግጠን ብናባዛውስ? g^2 = e የሚሆኑት 10፣ g^3 = e የሚሆኑት 9፣ ግን 10 × 9 = 90፣ 18 አይደለም። አይሆንም መሰለኝ።

ሐይቅ_ዳር፣ ማታ 5:44

በዚያ መንገድ አይሆንም። g^6 = e የሆነ ሁሉ ኦርደሩ 2ን በሚያካፍልና 3ን በሚያካፍል ሁለት ክፍል ይበተናል፣ ግን ሁለቱ ክፍሎች መቀያየር አለባቸው፣ ab = ba። ከ 90ዎቹ ጥንዶች የሚቀያየሩት 18 ብቻ ናቸው፤ ወይ a ወይ b አይደንቲቲ የሆነባቸው፣ 10 + 9 − 1 = 18። ቁጥሩ ገጠመ፣ ለምን ለ 6 እንደሚካፈል ግን ይህ አይነግረንም። እኔ የማውቀው ማረጋገጫ በ n ላይ ኢንዳክሽን የሚሠራ ነው፣ በዚህ መስኮት የሚያልቅ አይደለም። ማኬይን ለ 6 የሚያስተካክል ዘዴ ያገኘ ይለጥፍልን።

ሰኞ_ገበያ፣ ማታ 5:52

እስከዚያው እኔ ራሴን ልፈትን። ከ Z_6 ወደ S_5። ነጠላ ልውውጥ 10፣ ጥንድ ልውውጥ 15፣ ባለ ሦስት ዙር 20፣ አይደንቲቲ 1። ድምር 46። ግን 46 ለ 6 አይካፈልም፣ 120 ደግሞ ለ 6 ይካፈላል። የት ነው የሳትኩት?

ቦርከና፣ ማታ 5:55

እኔ S_4 ላይ የፈለግኳት እዚህ ተገኘች! (1 2 3)(4 5)፣ ኦርደሯ 6። ሦስቱን በ 10 መንገድ ትመርጫለሽ፣ በ 2 አቅጣጫ ይዞራሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ይለዋወጣሉ፣ 20።

ሰኞ_ገበያ፣ ማታ 5:59

66! እና 1 + 10 + 15 + 20 + 20 ላይ ባለ አራት ዙር 30 እና ባለ አምስት ዙር 24 ሲጨመር 120 ሞላ። ኢንጀክቲቮቹ 20 ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ S_5 ውስጥ ባለ 6 ሳይክሊክ ሰብግሩፖችም 20 ናቸው?

ጋሽ_ዜሮ፣ ጠዋት 12:40

10 ናቸው። እያንዳንዱ ሰብግሩፕ ሁለት ጀነሬተር አለው፣ (1 2 3)(4 5) እና ግልባጩ (1 3 2)(4 5)፤ 1ን ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ብትልኪ የምትደርሺበት ሰብግሩፕ አንድ ነው።